ዋጋው ዒላማውን ሲያልፍ ቀለም የሚቀይር የአክሲዮን ሠንጠረዥ

በጉግል ሺትስ ውስጥ ያለው GOOGLEFINANCE የተባለው ፋንክሽን የአንድን አክሲዮን የገበያ ዋጋ በቀጥታ ወደ ሠንጠረዥ ያመጣል። ከዚህ ፋንክሽን ጎን የተገዛበትን ዋጋ፣ የሚሸጥበትን ዒላማና ኪሳራው የሚቆምበትን ወሰን ካስቀመጡ፣ የትኛው አክሲዮን ካሰቡት ዋጋ እንደደረሰ በቀለም የሚለይ ሰሌዳ ለመሥራት አንድ ሰዓት ይበቃል። ሰሌዳውን መሥራት ቀላል ነው፤ የሚከብደው ቀለሙ እውነት እንዲናገር ማድረግ ነው። ያለ ምክንያት የሚቀላ ረድፍ በችኮላ ያሸጣል፤ መቅላት ሲገባው ነጭ ሆኖ የሚቀር ረድፍ ደግሞ ባለቤቱን ያዘናጋል።

ለምሳሌ በ2024 እ.ኤ.አ. ጸደይ ላይ የኤንቪዲያን 10 አክሲዮን እያንዳንዱን በ900 ዶላር የገዛ ሰው እንውሰድ። ሐሳቡ ዋጋው 1,300 ሲደርስ መሸጥ፣ ወደ 800 ከወረደ ደግሞ ኪሳራውን እዚያው ቆርጦ መውጣት ነው። የሠንጠረዡ የመጀመሪያ ረድፍ ለርዕስ ይተዋል። ከሁለተኛው ረድፍ ጀምሮ በዓምድ A የአክሲዮኑ ምልክት፣ በB የተገዛበት ቀን፣ በC ብዛቱ፣ በD የተገዛበት ዋጋ፣ በE ዒላማው፣ በF የኪሳራ ወሰኑ ይገባል። እነዚህ ስድስቱ በእጅ የሚጻፉ ናቸው። በG ላይ ግን የሚከተለው ፎርሙላ ይጻፋል፦

```
=GOOGLEFINANCE($A2,"price")
```

ምልክቱ NVDA ተብሎ ብቻ ሳይሆን ከነገበያው ስም NASDAQ:NVDA ተብሎ መጻፍ አለበት። የገበያው ስም ከቀረ ጉግል የትኛውን ገበያ እንደሚጠቅስ ራሱ ይመርጣል፤ ተመሳሳይ ፊደላት በሌላ አገር ገበያ የሌላ ኩባንያ ምልክት ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ የሚመጣው ዋጋ የተፈለገው ላይሆን ይችላል።

ዋጋው «ቀጥታ» ይባል እንጂ እስከ 20 ደቂቃ ሊዘገይ ይችላል። በቅንብሩ ውስጥ ሠንጠረዡ በየደቂቃው እንዲሰላ የሚያዝ ምርጫ አለ፤ ብዙዎች እሱን ሲመርጡ ዋጋው የሚፈጥን ይመስላቸዋል። ምርጫው የሚመለከተው ግን እንደ NOW ያሉትን የሰዓት ፋንክሽኖች ነው እንጂ ከገበያ የሚመጣውን ዋጋ አይደለም። የዋጋውን ዕድሜ ለማወቅ የሚሻለው መንገድ በአንድ ትርፍ ዓምድ ላይ "price" በሚለው ቦታ "tradetime" ብሎ መጻፍ ነው፤ ይህ የመጨረሻው ግብይት የተፈጸመበትን ጊዜ ያሳያል። አዲስ አበባ ሆኖ የኒው ዮርክን ገበያ ለሚከታተል ሰው ነገሩ የበለጠ ያስፈልገዋል። ገበያው በአሜሪካ የበጋ ሰዓት ከቀኑ 10፡30 ተከፍቶ ከምሽቱ 5፡00 ይዘጋል፤ በክረምቱ ሰዓት ደግሞ ከ11፡30 እስከ ሌሊቱ 6፡00 ይቆያል። ጠዋት ቡና ሲጠጣ የሚያየው ዋጋ እንግዲህ ያደረ ዋጋ ነው።

ቀለሙ የሚታዘዘው Format ከሚለው ዝርዝር Conditional formatting ተመርጦ፣ ከደንቦቹ መካከል Custom formula is የሚለው ሲወሰድ ነው። ደንቡ የሚሠራበት ክልል A2:J50 ይሁን። ዒላማውን ላለፈ ረድፍ አረንጓዴ፣ ከወሰኑ በታች ለወረደ ቀይ የሚሰጡት ሁለት ደንቦች እነዚህ ናቸው፦

```
=AND(COUNT($E2:$G2)=3,$G2>=$E2)
=AND(COUNT($E2:$G2)=3,$G2<=$F2)
```

ከፊደሉ በፊት ያለው የዶላር ምልክት ዓምዱን ያስራል፤ ቁጥሩ ግን ስላልታሰረ ደንቡ ከረድፍ ወደ ረድፍ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቀባው ረድፉ በሙሉ ይሆናል። ክልሉ ከA1 ጀምሮ ፎርሙላው ግን በ2 ከተጻፈ፣ ቀለሙ ሁሌም ከትክክለኛው ረድፍ አንድ ከፍ ብሎ ያርፋል። ይህን ለማወቅ የአንዱን አክሲዮን ዒላማ ለጊዜው ወደ 1 ዝቅ አድርጎ የትኛው ረድፍ እንደሚለመልም ማየት ነው።

በደንቦቹ ውስጥ ያለው COUNT ዒላማው፣ ወሰኑና ዋጋው ሦስቱም በእርግጥ ቁጥር መሆናቸውን ይጠይቃል። ይህ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ አይደለም። ባዶ ሴል በንጽጽር ጊዜ እንደ ዜሮ ስለሚቆጠር፣ ዒላማ ያልተጻፈለት አክሲዮን ሁሉ ዒላማውን እንዳለፈ ይታያል። ዒላማው «130 ዶላር» ተብሎ በፊደል ከተጻፈ ደግሞ ሠንጠረዡ ጽሑፍ አድርጎ ይወስደዋል፤ ጽሑፍ ከማንኛውም ቁጥር እንደሚበልጥ ስለሚቆጥርም አክሲዮኑ የቱንም ያህል ቢወጣ አረንጓዴ አይበራም። ቁጥር በሴሉ ውስጥ ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ወደ ግራ ተጠግቶ ስለሚቀመጥ ስሕተቱ በዓይን ይለያል።

ከሁሉም የከፋው ግን ስሕተትን የመደበቅ ልማድ ነው። ጉግል አንዳንዴ ዋጋውን ሳያመጣ ቀርቶ #N/A ያሳያል። ይህ የማያምር ምልክት እንዳይታይ ሲባል ፎርሙላውን በIFERROR ጠቅልሎ በቦታው ዜሮ ማስገባት የተለመደ ነው። ዜሮ ግን ከማንኛውም የኪሳራ ወሰን በታች ነው፤ ስለዚህ ለጥቂት ደቂቃ የተቋረጠ መረጃ ረድፉን ያቀላውና ጤነኛው አክሲዮን ወድቆ የከሰረ ይመስላል። ስሕተቱ እንዲታይ መተውና የራሱን ቀለም መስጠት ይበጃል። የሚከተለው ደንብ ግራጫ ተሰጥቶት ከሁሉም በላይ ይቀመጣል፦

```
=AND($A2<>"",COUNT($E2:$G2)<3)
```

ከዚህ በኋላ ነጭ ረድፍ አንድ ትርጉም ብቻ ይኖረዋል፦ ዋጋው በወሰኑና በዒላማው መካከል ነው። ግራጫ ደግሞ ሰሌዳው ምንም ማለት እንደማይችል ያሳውቃል።

አሁን ወደ ኤንቪዲያው እንመለስ። አክሲዮኑ እ.ኤ.አ. ጁን 7 ቀን 2024 ዓርብ ዕለት በ1,208.88 ዶላር ተዘጋ። ሰኞ ጁን 10 ግን ዋጋው 120 ዶላር ገደማ ሆኖ ተገኘ። ኩባንያው አንዱን አክሲዮን ለአሥር ከፍሎት ነበር፤ 10 የነበረው 100 ሆነ፣ የባለቤቱም ሀብት ከክፍፍሉ የተነሳ አልጎደለም። ሠንጠረዡ ግን ይህን አያውቅም። በእጅ የተጻፈው የ800 ዶላር ወሰን ባለበት ስለቆየ ረድፉ ሰኞ ይቀላል፤ ከተገዛበት ከ900 አንጻር ሲሰላም ኪሳራው 87 ከመቶ ገደማ ይሆናል። መድኃኒቱ በእጅ የተጻፉትን አራት ቁጥሮች ማስተካከል ነው፦ ብዛቱ 100፣ የተገዛበት 90፣ ዒላማው 130፣ ወሰኑ 80። በአንድ ሌሊት በግማሽ፣ በአራተኛ ወይም በአሥረኛ የወረደ ዋጋ በታየ ቁጥር አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት ክፍፍል ነው።

ቁጥሮቹ ከተስተካከሉ በኋላ የመጣው ነገር የሰሌዳውን ሌላ ጉድለት ያሳያል። ጁን 18 ቀን አክሲዮኑ በ135.58 ዶላር ተዘጋ፤ የ130 ዒላማ ታለፈ ማለት ነው። ጁን 24 ግን በ118.11 ተዘጋ። በእነዚያ ቀናት ሠንጠረዡን ያልከፈተ ሰው በ24ኛው ቀን ቢከፍተው ነጭ ረድፍ ያያል፤ ዒላማው ተነክቶ እንደነበር የሚነግረው የለም። አረንጓዴው ደንብ የሚያውቀው ያለበትን ቅጽበት ብቻ ስለሆነ ነው። ይህን ለመሙላት በዓምድ I ከግዢው ወዲህ የታየው ከፍተኛ ዋጋ ይሰላል፦

```
=MAX(INDEX(GOOGLEFINANCE($A2,"high",$B2+1,TODAY()),0,2),
 GOOGLEFINANCE($A2,"high"))
```

የመጀመሪያው ክፍል የእያንዳንዱን ቀን ከፍተኛ ዋጋ ከነቀኑ በሁለት ዓምድ ያመጣል፤ INDEX ሁለተኛውን ዓምድ ይመርጣል። ሁለተኛው ክፍል ገና ወደ ታሪክ ያልገባውን የዛሬውን ከፍታ ይጨምራል። ስሌቱ ከግዢው ማግስት የሚጀምረው፣ በግዢው ዕለት የታየው ከፍታ ከግዢው በፊት ሊሆን ስለሚችል ነው፤ ስለዚህ ዛሬ የተገዛ አክሲዮን ቢያንስ አንድ የግብይት ቀን እስኪያልፍ በዚህ ዓምድ ስሕተት ሊያሳይ ይችላል። ለዚህ ዓምድ ቢጫ የሚሰጠው ደንብ እንዲህ ይጻፋል፦

```
=AND(ISNUMBER($I2),$I2>=$E2,$G2<$E2)
```

ቢጫ «ደርሶ ተመልሷል» ማለት ይሆናል። ይህ ደንብ ከቀዩ በታች መቀመጥ አለበት፤ ዒላማውን ነክቶ ከወሰኑ በታች የወረደ አክሲዮን ሁለቱንም ስለሚያሟላና ቅድሚያ የሚያገኘው ከላይ ያለው ደንብ ስለሆነ፣ አስቸኳዩ ቀይ መታየት ይገባዋል። በሁለቱ ፎርሙላዎች "high" በ"low"፣ MAX በMIN ሲተካ ደግሞ ዋጋው ወሰኑን ነክቶ መመለስ አለመመለሱ ይታወቃል።

ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የተከፈተው የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጉግል ፋይናንስ አይሸፈንም። በዚያ ገበያ አክሲዮን ያለው ሰው የG ዓምድን ከገበያው መግለጫ እያየ በእጅ መሙላት ይኖርበታል፤ አረንጓዴው፣ ቀዩና ግራጫው ደንብ ግን ዋጋው ከየት እንደመጣ ስለማይጠይቁ ሳይለወጡ ይሠራሉ። ቀን የማይመዘገብበት የእጅ ዋጋ ከጊዜ በኋላ የትናንት ይሁን ያለፈው ወር ስለማይታወቅ፣ ከጎኑ የተሞላበትን ቀን የሚይዝ ዓምድ መጨመር ግድ ነው።

ጉግል የሚያቀርበው ዋጋ ለመረጃ እንጂ ለግብይት የታሰበ አለመሆኑን በግልጽ ያስታውቃል። ቀለሙም የሚታየው ሠንጠረዡን የከፈተ ሰው ሲኖር ብቻ ነው፤ ራሱ አይሸጥም። ስለዚህ በF ዓምድ የተጻፈው ወሰን በእርግጥ ኪሳራን እንዲቆርጥ የሚፈልግ ባለአክሲዮን ያንኑ ቁጥር በደላላው ድርጅት ዘንድ የሽያጭ ትእዛዝ አድርጎ ማስመዝገብ አለበት፤ ክፍፍል ሲኖርም ሁለቱ ቁጥሮች አሁንም አንድ መሆናቸውን ያረጋግጥ።