ጀበናዋን ከነጭ ሳጥኗ ማውጣት፦ ፒኤንጂ ወይስ ጄፔግ?

ከጅማ በስተደቡብ ባለችው ደዶ አንድ የቡና ነጋዴ ቡናውን ቆልቶ በቡናማ ወረቀት ከረጢት እያሸገ ሊሸጥ ተነሳ እንበል። ሎጎው ጥቁር ጀበና ናት፤ ከአፏ ግራጫ እንፋሎት ይወጣል። ፋይሉን ጅማ ለሚገኝ ማተሚያ ቤት ላከ። የናሙናው ሥዕል ሲመጣለት ግን ጀበናዋ በነጭ አራት ማዕዘን ውስጥ ተቀምጣለች። በስልኩ ላይ ነጩ አይታይም ነበር፤ የስልኩም ስክሪን ነጭ ነበርና። ጥፋቱ ከሥዕሉ ሳይሆን ፋይሉ ጄፔግ ሆኖ ከመቀመጡ ነው።

ጄፔግ በ1992 የጸደቀ፣ ለፎቶግራፍ የታሰበ መስፈርት ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፒክሰል፣ ቀለሙን ብቻ ይመዘግባል። “እዚህ ቦታ ምንም የለም” የሚል መልእክት የሚጻፍበት ስፍራ ስለሌለው ባዶውን ቦታ በአንድ ቀለም፣ አብዛኛውን ጊዜ በነጭ፣ ይሞላዋል። በ1996 የወጣው ፒኤንጂ ግን ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ቀጥሎ አራተኛ ቁጥር መያዝ ይችላል። ይህ ቁጥር 0 ከሆነ ነጥቡ ጨርሶ አይታይም፤ 255 ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይታያል። የጀበናዋ እንፋሎት እየሳሳ ሄዶ ከረጢቱ ላይ መጥፋት የሚችለው በመካከል ባሉት ቁጥሮች ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ጠርዝ ላይ ይታያል። ጄፔግ ምስሉን ስምንት በስምንት ፒክሰል በሆኑ ካሬዎች ከፋፍሎ ዓይን እምብዛም የማያስተውለውን ዝርዝር ይጥላል። በቀይ የቡና ፍሬ ፎቶ ላይ ይህ አይታወቅም፤ በጥቁር ፊደልና በነጭ መካከል ግን እንደ አቧራ ያለ ቆሻሻ ይተዋል። ፒኤንጂ ሲያሳንስ ምንም አይጥልም። በዚህም ምክንያት ፎቶን በፒኤንጂ ማስቀመጥ ፋይሉን ያለ ጥቅም ያገዝፈዋል።

ነጋዴው በነጻ በሚገኘው ጂምፕ ሎጎውን እንዲህ ያስተካክላል። መጀመሪያ Layer > Transparency > Add Alpha Channel ብሎ አራተኛውን ቁጥር ይጨምራል። ይህ ካልተደረገ ነጩን ሲሰርዝ በቦታው የጀርባው ቀለም ይተካል። ከዚያ በ Fuzzy Select በጀበናዋ ዙሪያ ያለውን ነጭ ይመርጣል። ብዙ ሰው የሚረሳው የእጀታዋን ቀዳዳ ነው፤ ከውጪው ነጭ ጋር ስለማይገናኝ Shift ተጭኖ ለብቻው መምረጥ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ምርጫውን በ Select > Grow በ1 ፒክሰል ያሰፋና Delete ይጫናል። ያቺ አንድ ፒክሰል ካልተወሰደች በጥቁሩ ጠርዝ ዙሪያ ነጭ ክር ይቀራል። እንፋሎቱን ግን በዚህ መንገድ መቁረጥ ያበላሸዋል፤ እሱን ለብቻው መርጦ በ Color to Alpha ነጩን ማስወጣት ይሻላል። በመጨረሻ File > Export As ብሎ ስሙን `jebena.png` ይለዋል።

ሥራው መሳካቱን ለማወቅ ከሥሩ ጥቁር ቀይ ወይም አረንጓዴ ሌየር ማስገባት ይበቃል። ነጭ ክር፣ የተረሳ ቀዳዳ፣ የተቆራረጠ እንፋሎት ካለ ወዲያው ይታያል። የፋይሉን ስም ከ `.jpg` ወደ `.png` መቀየር ግን አንዴ በነጭ የተሞላውን መልሶ ባዶ አያደርገውም።

መጠኑም መታሰብ አለበት። 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ስቲከር በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 709 ያህል ፒክሰል ይፈልጋል፤ በ300 ፒክሰል የተሠራ ሎጎ ሲለጠጥ ይደበዝዛል። ለቴሌግራም ስቲከር ደግሞ አንደኛው ጎን በትክክል 512 ፒክሰል፣ ሌላው ከዚያ ያልበለጠ መሆን አለበት።

ንጹሕ ፋይል መንገድ ላይም ሊበላሽ ይችላል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከተላከ ጄፔግ ሆኖ ይደርሳል፤ File ብሎ መላክ ያስፈልጋል። ማተሚያ ቤቱም ዘንድ አንድ ገደብ አለ፦ ብዙ ማተሚያዎች ነጭ ቀለም የላቸውም። በሎጎው ላይ ነጭ ሲኒ ቢኖር ቡናማ ወረቀት ላይ በቀጥታ ሲታተም ሲኒው ቡናማ ይሆናል። ነጭ የግድ ከተፈለገ ነጭ ስቲከር አሳትሞ በቅርጹ አስቆርጦ መለጠፍ ነው።

እንግዲህ የእርሻውና የፍሬው ፎቶ በጄፔግ፣ ሎጎውና ስቲከሩ በፒኤንጂ ይቀመጥ። ሎጎ የሚያሠራ ሰውም ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ከዲዛይነሩ ሁለት ነገር ይቀበል፦ ጀርባ የሌለውን ፒኤንጂ እና ለባነር ቢለጠጥ የማይደበዝዘውን የቬክተር ፋይል፣ ማለትም SVG ወይም በቬክተር የተሠራ PDF።