ሂሳቡ ልክ ነው፤ ተራው ግን?

አሜሪካ ውስጥ ወርኃዊው የባንክ ስቴትመንት ሲመጣ ብዙ ሰው የሚያየው የገንዘቡን መጠን ብቻ ነው። ምግብ 14 ዶላር፣ ነዳጅ 25 ዶላር፤ «አዎ፣ ያወጣሁት እኔ ነኝ» ይልና ያልፋል። መጠኑ ልክ ሆኖም የማይገባ ገንዘብ ሊቆረጥ ይችላል፤ ምክንያቱ ባንኩ ወጪዎቹን የመዘገበበት ተራ ነው።

ኦቨርድራፍት የሚባለውን ክፍያ እንውሰድ። በሂሳቡ ካለው በላይ ወጪ ሲመጣ ባንኩ ከራሱ ይከፍልና ለዚያ ውለታ ደንበኛውን ያስከፍለዋል። ለዓመታት የተለመደው ዋጋ በአንድ ወጪ 35 ዶላር አካባቢ ነበር።

አንድ ሰው ጠዋት 120 ዶላር አለው እንበል። በዕለቱ በዴቢት ካርድ ቡናና ዳቦ በ6፣ ምሳ በ14፣ ነዳጅ በ25 ዶላር ገዛ፤ ማታ 110 ዶላር የመድን ክፍያ ተነሣ። በተራው ከተቀነሰ ከሦስቱ ግዢዎች በኋላ 75 ዶላር ይቀራል፤ ከዜሮ በታች የሚያወርደው የመድኑ ክፍያ ብቻ ስለሆነ ቅጣቱ አንድ፣ 35 ዶላር ነው። ባንኩ ግን ትልቁን አስቀድሞ 110ን ከቀነሰ 10 ዶላር ብቻ ይተርፋል፤ ነዳጁም፣ ምሳውም፣ ቡናውም ተራ በተራ ከዜሮ በታች ይወርዳሉ። ቅጣቱ ሦስት፣ 105 ዶላር ሆነ። ወጪው ያው፣ ዕዳው ያው፤ ልዩነቱ 70 ዶላር።

ምሳሌው የእኛ ቢሆንም አሠራሩ ፈጠራ አይደለም። በካሊፎርኒያ የዌልስ ፋርጎ ደንበኞች በዚሁ አሠራር ባንኩን ከሰሱ፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 የፌዴራል ዳኛ ዊልያም አልሳፕ 203 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ ፈረዱበት። ክርክሩ በይግባኝ ተጎትቶ ያበቃው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የባንኩን አቤቱታ ሳይቀበል በቀረበት በ2016 ነበር። ባንክ ኦፍ አሜሪካም በተመሳሳይ ክስ በ2011 በ410 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል።

ስለዚህ ኦቨርድራፍት የሚል መስመር ያገኘ ሰው አንድ ቀን ወደኋላ ይመለስ። ብዙ ጊዜ ቅጣቱ የሚመዘገበው ከወጪው ማግስት ነው። ከዚያ በዕለቱ የነበረውን መነሻ ገንዘብ በወረቀት ይጻፍና ወጪዎቹን በገዛበት ተራ አንድ በአንድ ይቀንስ። ከዜሮ በታች የወረዱትን መስመሮች ይቁጠር፤ ቁጥራቸው ከቅጣቶቹ ቁጥር ካነሰ የሚጠየቅ ነገር አለ። ካርዱን የተጠቀመበት ቀንና ባንኩ የመዘገበበት ቀን እንደሚለያዩ ግን ያስታውስ፤ ዓርብ የተገዛ ነገር ሰኞ ሊመዘገብ ይችላል። ባንኩ የሚከተለው ተራ ሂሳቡ ሲከፈት በተፈረመው ውል ውስጥ ተጽፏል። ሕጉ በስቴትመንቱ ላይ የወሩንና ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ የተቆረጠውን የኦቨርድራፍት ድምር እንዲታይ ያስገድዳል፤ Total Overdraft Fees የሚለውን መስመር መፈለግ ነው።

የማይታወቅ ወጪ ሲገኝ መንገዱ ሌላ ነው። የሱቁ ስም በስቴትመንት ላይ የድርጅቱ የሕግ ስም ሆኖ ሊወጣ ስለሚችል መጀመሪያ ቀኑንና መጠኑን ከደረሰኝ ጋር ማስተያየት ይገባል። ካልተገናኘ፣ ስቴትመንቱ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ለባንኩ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ባንኩ በ10 የሥራ ቀን አጣርቶ መወሰን አለበት፤ ካልጨረሰ ገንዘቡን ለጊዜው መልሶ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 45 ቀን ማጣራት ይችላል። 60ው ቀን ካለፈ በኋላ ሌባው የሚወስደውን ገንዘብ ባንኩ ላይመልስ ይችላል። ይህ መብት ግን በኤሌክትሮኒክ ለተደረገ ስሕተት ነው፤ ውሉ የሚፈቅደው ቅጣት በሕግ ስሕተት ስላልሆነ፣ ደውሎ ወይም ቅርንጫፍ ሄዶ እንዲመለስ መጠየቅ እንጂ በ60 ቀኑ ደንብ መከራከር አይሠራም።

በታኅሣሥ 2024 የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ትልልቅ ባንኮች ቅጣቱን ወደ 5 ዶላር እንዲያወርዱ የሚገፋ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ ኮንግረስ ሽሮት በግንቦት 2025 ፕሬዝዳንቱ ፈርመውበታል። ካፒታል ዋንና ሲቲ ቅጣቱን በራሳቸው ፈቃድ በ2022 አስቀርተዋል፤ ባንክ ኦፍ አሜሪካ ወደ 10 ዶላር አውርዶታል። ሌላ ባንክ ያለው ሰው በእጁ ያለው መሣሪያ ከ2010 ጀምሮ የቆየው ደንብ ነው፦ ከኤቲኤም ለሚወጣ ገንዘብና በዴቢት ካርድ ለሚደረግ የአንድ ጊዜ ግዢ ባንኩ ደንበኛው አስቀድሞ ካልፈቀደ በስተቀር ኦቨርድራፍት ማስከፈል አይችልም፤ የተሰጠ ፈቃድም በማንኛውም ጊዜ ይነሣል። ቼክና በየወሩ በራሱ የሚነሣ ክፍያ ግን ከዚህ ከለላ ውጪ ናቸው። ከላይ በምሳሌው ፈቃድ ባይሰጥ ኖሮ ካርዱ ላይ የወደቁት ሦስቱ ቅጣቶች ይቀሩ ነበር፤ የመድኑ ክፍያ ግን ኦቨርድራፍት ከሆነ ያው 35 ዶላሩን ያስቆርጣል።