የትርጉም ማረጋገጫውን ከማስገባትዎ በፊት

ቀበሌ ቀደም ሲል የሰጠውን፣ በአማርኛ ብቻ የተጻፈ የልደት ምስክር ወረቀት ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉመው ለአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ሊያስገቡ ነው እንበል። መሥሪያ ቤቱ ከተርጓሚው ቃል ይፈልጋል፦ ትርጉሙ የተሟላ ነው፤ ትክክለኛ ነው፤ እኔም ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የመተርጎም ብቃት አለኝ። ብዙ ጊዜ ተረስቶ የሚቀረው የብቃቱ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ይፈልጉ። ከዚያ የተርጓሚው ስም፣ ፊርማ፣ አድራሻና ቀን መኖራቸውን ይዩ። «የተሟላ» ሲባል ማኅተሙ ላይ ያለው ጽሑፍና ከጀርባ የሰፈረው ማስታወሻም ተተርጉሟል ማለት ነው።

ቀኖቹ ግን ሰፊ ጊዜ ይፈልጋሉ። ልደቱ ታኅሣሥ 25 ቀን 1984 ዓ.ም. ቢሆን፣ ብዙ ተርጓሚ በለመደው ስሌት ጃንዋሪ 3 ቀን 1992 ብሎ ይጽፋል። ትክክለኛው ጃንዋሪ 4 ነው። 1983 ጳጉሜ 6 የሆነችበት ዘመነ ሉቃስ ስለነበር፣ የ1984 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው፤ የአንድ ቀኑ ልዩነትም እስከ ፌብሩዋሪ 29 ይዘልቃል። ማመሳከሪያው ቅርብ ነው፦ በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል፣ ያም ጃንዋሪ 7 ነው። ሦስት ቀን ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ፓስፖርቱ ጃንዋሪ 3 ቢልም ተርጓሚው ዋናውን ሰነድ ለማስማማት ሊያጣምመው አይገባም፤ የኢትዮጵያውን ቀን እንዳለ ጽፎ ከጎኑ ትክክለኛውን አቻ ያስቀምጥ፣ የፓስፖርቱ ጉዳይ ለብቻው ይብራራል።

ቀጥሎ የማረጋገጫ ማኅተሞቹን በቅደም ተከተል ያንብቡ። እያንዳንዱ የሚመሰክረው ከእሱ በፊት ስላለው ፊርማና ማኅተም እንጂ ስለ ሰነዱ ይዘት አይደለም፤ ስለዚህ ከሚያረጋግጠው ነገር ቀድሞ ሊፈረም አይችልም። የትርጉሙ ቀን ኤፕሪል 18 ቀን 2024፣ የማረጋገጫው ማኅተም ደግሞ 8/8/2016 ቢል፣ ችኩል አንባቢ ቀንና ወሩን ብቻ አይቶ ሁለተኛውን ኦገስት 8 አድርጎ ያልፈዋል። ማኅተሙ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ግን ሚያዝያ 8፣ ማለትም ኤፕሪል 16 ነው፦ ትርጉሙ ከመፈረሙ ሁለት ቀን በፊት። እንዲህ ያለውን ያረጋገጠው ቢሮ ራሱ መርምሮ ያርመው፤ በእስክሪብቶ መደለዝ ሰነዱን ያበላሸዋል።

ለስሞች፣ ፓስፖርቱን አጠገብ አድርገው ፊደል በፊደል ያስተያዩ። የባለቤቱ ስም የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ይሁን። አያት በዋናው «ወ/ገብርኤል» ተብሎ አጥሮ፣ ፓስፖርቱ ላይ ወልደገብርኤል ተብሎ ከተዘረዘረ፣ ተርጓሚው አጭሩ የቱን እንደሚወክል በማስታወሻ ይግለጽ። የእናት ስም ፓስፖርት ላይ ስለማይገኝ ከሌሎቹ የማመልከቻ ወረቀቶች ጋር ያመሳክሩት፤ አንዱ እስከ አባቷ፣ ሌላው እስከ አያቷ ጽፎት ይገኛል።