ለውዝ፣ ሉዝ፣ ፍስትክ፦ በቱርክኛና በስፓንኛ እሽጎች ላይ ኦቾሎኒን ፈልጎ ማግኘት

አንድ ዓርብ ጠዋት ቤተሰባችን ናታንያ፣ ሲሮኒት ባሕር ዳርቻ ላይ ተሰብስቦ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመዳችን በሻንጣው ይዞት የመጣውን ቱርክ ሠራሽ ዌፈር አያቴ ለልጆቹ ልታድል እሽጉን ቀደደች። የእህቴ ልጅ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ለኦቾሎኒ ከባድ አለርጂ አለበት። እጁን ሲዘረጋ እህቴ «ቆይ!» አለችና እሽጉን ለእኔ ሰጠችኝ። በዕብራይስጥ የተጻፈ አንድም ቃል አልነበረበትም።

ፊቱ ላይ ክብ ክብ፣ ቡናማ ፍሬ ተሥሏል። አክስቴ አየችውና «ይሄማ ለውዝ ነው» አለች። የአጎቴ ልጅ ደግሞ «አይደለም፣ ኤጎዜ ሉዝ ነው፤ ሉዝ ምንም አያደርገውም» አለ። ከዚያ ጀርባውን አገላብጦ አንድ ቃል አገኘና «ፊስቱክም አለበት፣ እሱንም ይበላል» ሲል ጨመረ። ሦስታችንም የምናውቃቸው ቃላት ነበሩ፤ ግን ሦስቱም ቃላት ሊያሳስቱን ይችሉ ነበር።

መጀመሪያ የራሳችንን ቃል እንይ። እኛ ቤት ውስጥ «ለውዝ» ስንል ብዙ ጊዜ ኦቾሎኒን፣ በዕብራይስጥ «ቦትኒም» የሚባለውን፣ ማለታችን ነው። በኦሪት ግን ያዕቆብ በትር የቆረጠበት ለውዝ ዛፍ ነው፤ ኦቾሎኒ ደግሞ ከመሬት ሥር የሚወጣ፣ ከባቄላና ከሽምብራ ወገን የሆነ ፍሬ ነው። በዕብራይስጥ «ኤጎዜ ሉዝ» የሚባለው ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ነገር ነው፤ ቸኮሌት ውስጥ የሚገባው ክብ የዛፍ ፍሬ። ስለዚህ አንዲት እናት ለሐኪም ወይም ለመዋዕለ ሕፃናት መምህርት «ልጄ ለውዝ አይበላም» ብትል፣ የሚያስተረጉመው ልጅም «ሉዝ» ብሎ ቢያልፈው፣ የተሳሳተው ፍሬ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የአለርጂውን ስም ለሌላ ሰው ስትነግሩ ሁልጊዜ «ቦትኒም» የሚለውን ቃል ጨምሩበት።

ወደ ቱርክኛው እንመለስ። «ፍስትክ» ብቻውን ሙሉ ስም አይደለም። ማንነቱን የሚነግረን ከፊቱ የቆመው ቃል ነው። «አንቴፕ» ከቀደመው በጋዚያንቴፕ ከተማ የተሰየመው፣ እኛ ፊስቱክ የምንለው አረንጓዴ ፍሬ ነው። «ካጁ» ከቀደመው ካሹ ነው። «የር» ከቀደመው ግን ኦቾሎኒ ነው። «የር» በቱርክኛ መሬት ማለት ነው፤ ስለዚህ ሙሉ ስሙ «የመሬት ፍስትክ» ይሆናል። የአጎቴ ልጅ ያያት ቃል ከፊቷ ይህች ሦስት ፊደል ነበረቻት፤ ዓይኑ ዘለላት። በእሽጉ ላይ የተሣለው ክብ ፍሬ ደግሞ በቱርክኛ «ፍንድክ» ይባላል፤ እሱ በእርግጥም ኤጎዜ ሉዝ ነው። «ፍንድክ»ና «ፍስትክ» ለዓይን ተቀራራቢ ስለሆኑ ፊደል በፊደል ማየት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ማየት ያለብን ግሡን ነው። የእሽጉ ጀርባ «ኢቺንዴኪሌር» በሚል ቃል ይጀምር ነበር፤ «በውስጡ ያሉት» ማለት ነው። ከሱ በታች ስኳር፣ የስንዴ ዱቄት፣ የአትክልት ዘይት፣ ፍንድክ፣ የወተት ዱቄት ተዘርዝረዋል። ከዝርዝሩ በኋላ ለብቻዋ አንዲት ዐረፍተ ነገር ቆማለች። ቱርክኛ እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያደርጋል፤ ስለዚህ የዐረፍተ ነገሩን ትርጉም የሚወስነው የመጨረሻው ቃል ነው። «ኢቼሪር» ካለ «ይዟል» ማለት ነው። «ኢቼሬቢሊር» ካለ «ሊይዝ ይችላል»፣ «ኢቼርሜዝ» ካለ ደግሞ «አልያዘም» ማለት ነው። ሦስቱም አጀማመራቸው አንድ ነው፤ መጀመሪያውን ብቻ አይቶ የሚያልፍ ሰው «አለ»ን እና «የለም»ን ሊያምታታ ይችላል። የእኛዋ ዐረፍተ ነገር «በጥቂቱ የመሬት ፍስትክና ሰሊጥ ሊይዝ ይችላል» የምትል ነበረች። ሰሊጡ «ሱሳም» ተብሎ ነው የተጻፈው።

እሽጉን ወደ ከረጢቱ መለስኩት። አያቴ ግን ደስ አላላትም። «ልጄ፣ ባለፈው ሰንበት ከዚሁ ሁለት በልቷል፤ ምንም አልሆነም እኮ» አለችኝ። ይህ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው፤ ብዙ ቤት ውስጥም ስሕተት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

«ሊይዝ ይችላል» የሚባለው በአብዛኛው አንድ ማሽን ሁለት ዓይነት ምርት ሲሠራ ነው። ጠዋት የኦቾሎኒ ዌፈር ያለፈበት መስመር ከሰዓት በኋላ የፍንድክ ዌፈር ያወጣል። ማሽኑ ቢጸዳም በአንድ ጥግ የቀረ ፍርፋሪ አንዱ እሽግ ውስጥ ሊገባ፣ ቀጣዮቹ ብዙ እሽጎች ውስጥ ደግሞ ላይገባ ይችላል። ስለዚህ ባለፈው ሰንበት የተበላው እሽግ ስለዛሬው እሽግ ምንም አይመሰክርም። በዚያ ላይ የልጁም ሰውነት በየቀኑ አንድ ዓይነት አይደለም። ትኩሳት ሲኖረው ወይም ሲሮጥና ሲዋኝ ቆይቶ ከሆነ፣ በሌላ ቀን ምንም ያላደረገው ትንሽ መጠን ሊያስነሣበት ይችላል። ባሕር ዳርቻ ደግሞ ልጅ ሙሉ ቀን የሚሮጥበት ቦታ ነው።

የስፓንኛው እሽግ በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ግሡ እንደ ዕብራይስጥ ከፊት ይመጣል። «ኮንቲዬኔ» ይዟል፣ «ፑዌዴ ኮንቴኔር» ሊይዝ ይችላል ማለት ነው። «ኖ ኮንቲዬኔ» ወይም «ሲን» ካለ ደግሞ የለበትም። ስለዚህ ከቱርክኛው በተቃራኒ እዚህ የመጀመሪያዎቹን ቃላት እናያለን። ሁለተኛ፣ የኦቾሎኒ ስም እንደ አገሩ ይለያያል። በስፔን «ካካዌቴ»፣ በሜክሲኮ «ካካዋቴ» ይባላል፤ በአርጀንቲናና በሌሎች ብዙ የደቡብ አሜሪካ አገሮች ግን «ማኒ» ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሜክሲኮ ነባር ቋንቋ ከናዋትል የመጡ ናቸው፤ የጥንቱ ሙሉ ስም «የመሬት ካካዎ» ማለት ነበር። «ማኒ» ደግሞ ከካሪቢያን ደሴቶች ነባር ቋንቋ የመጣ ነው። የስፔኑን ቃል ብቻ ያጠና ሰው የአርጀንቲና ብስኩት ላይ «ማኒ»ን አይቶ ሊያልፈው ይችላል። በተቃራኒው «ካካዎ» የሚለውን አይቶ «ካካዌቴ» ነው ብሎ የሚደነግጥም አለ፤ ካካዎ የቸኮሌቱ ፍሬ ብቻ ነው። ሰሊጥም እንዲሁ ሁለት ስም አለው፤ «ሴሳሞ» እና «አሆንሆሊ»።

የዛፍ ፍሬዎች በጅምላ ሲጠሩ የስፔን እሽግ «ፍሩቶስ ዴ ካስካራ» ይላል፤ ቅርፊት ያላቸው ፍሬዎች ማለት ነው። ኦቾሎኒ በዚህ ስም ውስጥ አይካተትም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ፣ በ2011 በወጣው ቁጥር 1169 ደንብ፣ ግድ ሊጻፉ ከሚገባቸው 14 የአለርጂ ምንጮች መካከል ኦቾሎኒ ለብቻው፣ የዛፍ ፍሬዎች ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ሰሊጥም ከ14ቱ አንዱ ነው። ቱርክም በ2017 ያወጣችው የምግብ መለያ ደንብ ይህንኑ ዝርዝር ይከተላል። ሁለቱም ደንቦች እነዚህ ስሞች በዝርዝሩ ውስጥ ከሌሎቹ ተለይተው እንዲታዩ ያዛሉ፤ ብዙውን ጊዜ በደማቅ ፊደል ይታተማሉ። ስለዚህ ቋንቋውን ባናውቅም ደማቆቹን ቃላት ለይተን መፈለግ እንችላለን።

የዚህ ዘዴ ገደብ ግን አለ። የተጨመረ ነገር መጻፉ ግዴታ ነው፤ «ሊይዝ ይችላል» የሚለው ማስጠንቀቂያ ግን በአውሮፓ በአምራቹ ፈቃድ የሚጻፍ ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ካለ እናምነዋለን፤ ከሌለ ግን «ንጹሕ ነው» ማለት አይደለም። ከባድ አለርጂ ላለበት ልጅ ማስጠንቀቂያም ሆነ የዕብራይስጥ ጽሑፍ የሌለበትን ጣፋጭ መተው ይሻላል። እዚህ አገር በሱቅ የሚሸጥ ከውጭ የመጣ ምግብ በዕብራይስጥ «ሜኺል» እና «አሉል ለሃኺል» የሚል ተለጣፊ ሊኖረው ይገባል። ተለጣፊውና ዋናው ጽሑፍ ካልተስማሙ ጥብቁን ያዙ። ቱርክ ከእስራኤል ጋር የነበራትን ንግድ በግንቦት 2024 ካቆመች በኋላ የሱቁ መደርደሪያ ተቀይሯል፤ በሻንጣ የሚመጣው እሽግ ግን ያኔም አሁንም ተለጣፊ የለውም።

እነዚህን ቃላት እንደተጻፉ በስልካችሁ ማስታወሻ ላይ ጻፏቸው፤ የቤተሰቡ የዋትስአፕ ቡድን ላይም አድርጉት። ዕብራይስጥ የማያነብ ሰው እንኳ ፊደሉን ከእሽጉ ጋር አስተያይቶ ማወቅ ይችላል።

ኦቾሎኒ፦ yer fıstığı / cacahuete, cacahuate, maní
ኤጎዜ ሉዝ፦ fındık / avellana
ሰሊጥ፦ susam / sésamo, ajonjolí
ይዟል፦ içerir / contiene
ሊይዝ ይችላል፦ içerebilir / puede contener
አልያዘም፦ içermez / no contiene

ለባሕር ዳርቻ አንድ ነገር ልጨምር። የአድሬናሊን መርፌው ፀሐይ ላይም፣ በቀጥታ በረዶ ላይም አይቀመጥም፤ ከ25 ዲግሪ በታች በጥላ፣ ከልጁ ጋር ይሁን። ልጁ ከበላ በኋላ ሰውነቱ ሽፍ ካለና ትንፋሹ ካጠረው፣ ድምፁ ከጎረነነ ወይም ደጋግሞ ካስመለሰው፣ መርፌው ጭኑ ላይ በውጭ በኩል ይወጋል፤ ልብስ ላይም ቢሆን ይሠራል። ወዲያው 101 ይደወላል፤ ልጁ እንዲተኛ ይደረጋል፤ ለመተንፈስ ከተቸገረ ግን ይቀመጣል እንጂ አይቆምም። የአለርጂ ክኒን ወይም ሽሮፕ የመርፌውን ሥራ አይተካም።

አያቴ ማንበብ አትችልም። ግን አሁን እሽግ ስትይዝ አውራ ጣቷን ከዝርዝሩ በታች ባለችው ብቸኛ መስመር ላይ ታሳርፍና «ይቺ ምን ትላለች?» ብላ ትጠይቃለች። ዌፈሩን የእህቴ ልጅ ሳይቀምሰው ለጎረቤት ሰጠነው፤ መጀመሪያ ግን እነሱንም አለርጂ ያለበት ሰው እንዳለ ጠየቅናቸው።