ገበያ ሲወድቅ የሚገዛና የሚሸጥ

አሜሪካ ውስጥ በፎር ኦ ዋን ኬ ለጡረታ የሚቆጥብ ሠራተኛ ገንዘቡ ከአክሲዮንና ከቦንድ በየትኛው ምን ያህል እንደሚገባ መወሰን አለበት። አክሲዮን የኩባንያ ድርሻ ነው፤ ለረጅም ዘመን ሲያዝ አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ያተርፋል፣ በአንድ ክፉ ዓመት ግን ሲሶው ሊጠፋ ይችላል። ቦንድ ለመንግሥት ወይም ለኩባንያ የተሰጠ ብድር ነው፤ ትርፉ ያነሰ፣ መዋዠቁም የቀነሰ ነው። ወጣት ወደ አክሲዮን፣ ጡረተኛ ወደ ቦንድ ያዘንብል ይባላል። ለምን ሲባል «ወጣት ጊዜ አለው» የሚል መልስ ይሰጣል። መልሱ ትክክል ነው፤ ዋናውን ነገር ግን አያሳይም። ወጣቱ ከገበያው ይገዛል፣ ጡረተኛው ይሸጣል።

ከ2000 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. የነበሩትን ሦስት ዓመታት እንውሰድ። የ500 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አክሲዮን የሚከታተለው ኤስ ኤንድ ፒ 500 የትርፍ ክፍያው ተጨምሮበት እንኳ በመጀመሪያው ዓመት 9፣ በሁለተኛው 12፣ በሦስተኛው 22 በመቶ ገደማ ወደቀ።

በ2000 መግቢያ ሥራ የጀመረች የ27 ዓመት ወጣት በየዓመቱ መጀመሪያ 6,000 ዶላር በዚህ መለኪያ ላይ ብቻ አዋለች እንበል። በሦስቱ ዓመታት 18,000 ዶላር አስገብታ በእጇ የቀረው 12,500 ያህል ነው። ያስደነግጣል። ነገር ግን በ2002 እና በ2003 መግቢያ የከፈለችው 6,000 ዶላር በ2000 ከገዛላት ይልቅ ብዙ ድርሻ ገዝቶላታል። ስለዚህ በ2004 መጨረሻ ካስገባችው 30,000 ዶላር በላይ፣ 33,000 ገደማ ነበራት። በ2000 መግቢያ አንድ ጊዜ ገዝቶ ዝም ያለ ሰው ግን ገንዘቡ እስኪመለስ እስከ 2006 መጠበቅ ነበረበት። ለእሷ ውድቀቱ ዕቃ የረከሰበት ገበያ ነበር። ዋናው ሀብቷም ገና ያልተከፈላት የአርባ ዓመት ደመወዝ ነው፤ እሱ ከአክሲዮን ጋር አብሮ አይወድቅም። ሥራዋን ብታጣ ርካሹን ድርሻ ለመሸጥ እንዳትገደድ ግን የጥቂት ወራት ወጪ ባንክ ሊኖራት ይገባል።

አሁን በዚያው ዓመት 400,000 ዶላር ይዞ ጡረታ የወጣን ሰው እንይ። በየዓመቱ መጀመሪያ ለኑሮው 20,000 ያወጣል። ሁሉም በአክሲዮን ቢሆን በ2002 መጨረሻ 208,000 ያህል ይቀረዋል። ለኑሮው ሲል በወደቀ ዋጋ የሸጠው ድርሻ ገበያው ሲያገግም አብሮት አያገግምም። በ2008 ኤስ ኤንድ ፒ በ37 በመቶ ሲወድቅ ደግሞ ገንዘቡ 141,000 አካባቢ ይደርሳል። ግማሹን በአክሲዮን ግማሹን በአሜሪካ ቦንድ አድርጎ በየዓመቱ መጠኑን ቢያስተካክል፣ ያንኑ ያህል እያወጣ በ2008 መጨረሻ 284,000 ገደማ ይኖረው ነበር፤ እጥፍ ማለት ነው። አክሲዮኑ በወደቀባቸው ዓመታት ወጪውን የቻለው ቦንዱ ነበር።

ቦንድ ግን ሁልጊዜ አይታደግም። በ2022 ወለድ በፍጥነት ሲጨምር አክሲዮንና ቦንድ በአንድ ዓመት አብረው ወደቁ። በ65 ዓመቱ ጡረታ የወጣ ሰው ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ሊኖር ስለሚችል ሁሉንም በቦንድ ቢያደርግ የኑሮ ውድነት ቀስ በቀስ ይበላበታል። ስለዚህ ጡረተኛም አክሲዮን ያስፈልገዋል።

ብዙዎቹ የፎር ኦ ዋን ኬ ዕቅዶች ታርጌት ዴት ፈንድ የሚባለውን ያቀርባሉ። ይህ ፈንድ የጡረታው ዓመት ሲቃረብ አክሲዮኑን በራሱ ይቀንሳል። ጠቃሚ ነው፤ የሚያውቀው ግን ዕድሜን ብቻ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያ የሚሰላው ከፍተኛ ገቢ ከተገኘባቸው 35 የሥራ ዓመታት ነው፤ ያልተሠራበት ዓመት በዜሮ ይቆጠራል። በ45 ዓመቷ ከአዲስ አበባ ቨርጂኒያ የገባች፣ እስከ 65 የሠራች እናት አሥራ አምስት ዜሮ አለባት። እዚያው ተወልዳ ካደገች የዕድሜ እኩያዋ ጋር አንድ ዓይነት ድልድል አይሆንላትም።

ወርሃዊ ወጪዋ 2,800 ዶላር፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያዋ 1,300 ቢሆን፣ በየወሩ 1,500፣ በዓመት 18,000 ዶላር ከቁጠባዋ ታወጣለች። ይህን ለአምስት ዓመት የሚሸፍን 90,000 ዶላር ከአክሲዮን ውጭ ብታስቀምጥ በክፉ ዓመት ለመሸጥ አትገደድም። ጉድለቷ በወር 400 ዶላር ብቻ ቢሆን ኖሮ 24,000 ይበቃት ነበር፤ የቀረውን በድፍረት በአክሲዮን ልታቆየው ትችላለች። ዘግይቼ ስለጀመርኩ ልድረስበት ብሎ በ60 ዓመት ሁሉንም በአክሲዮን ማድረግ ግን የ2000ውን ጡረተኛ ዕጣ መጋበዝ ነው። ክፍያው ምን ያህል እንደሚሆን ssa.gov ላይ አካውንት በመክፈት፣ ከየዓመቱ የገቢ ዝርዝር ጋር ማየት ይቻላል፤ የድልድሉ ስሌት መጀመር ያለበት ከዚያ ቁጥር ነው።