ሁለት ዝውውር፣ ሁለት ቁልፍ

ለወራት ያለ እንከን ሲሠራ የቆየ የባንክ ሰርቨር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝም ሊል ይችላል። አልወደቀም፤ የስህተት መልእክትም አልጻፈም። የሚሠሩ ፕሮግራሞችን ዝርዝር ሲያዩ ስሙ አለ፣ `top` የሚለው ትእዛዝ ግን አጠገቡ 0 በመቶ ያሳያል። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ፣ ሜሞሪው ሞልቶ ሳይጨናነቅ፣ ደንበኞች በስልካቸው የላኩት ገንዘብ ግን አይንቀሳቀስም። አጥፍተው ሲያስነሡት እንደ ጥንቱ ይሠራል፤ ምክንያቱን ለማወቅ ያንኑ ዝውውር ደግመው ቢሞክሩትም ምንም አይሆንም። በሙያው ዴድሎክ ይሉታል።

ከሂሳብ 10 ወደ ሂሳብ 20 ገንዘብ የሚልክ አንድ ደንበኛ አለ እንበል። በዚያው ቅጽበት ሌላው ከሂሳብ 20 ወደ ሂሳብ 10 ይልካል። ሰርቨሩ ሁለቱን ዝውውሮች ለሁለት ትሬዶች ይሰጣል። ትሬድ ማለት በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ከሌሎች ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር ነው። ሁለት ትሬዶች አንድን ሂሳብ በአንድ ጊዜ ከነኩት ግን ገንዘብ ይጠፋል። ሁለቱም ቀሪውን 5,000 ብር ብለው ካነበቡ በኋላ አንዱ 1,000 ቀንሶ 4,000፣ ሌላው 500 ጨምሮ 5,500 ብሎ ቢጽፍ፣ የሚጸናው መጨረሻ የጻፈው ነው፤ ትክክለኛው 4,500 ግን የትም አይገኝም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሂሳብ ቁልፍ ተበጅቶለታል። ቁልፉን የያዘ ትሬድ ሥራውን ጨርሶ እስኪለቅ ድረስ ሌላው ይጠብቃል።

ፕሮግራመሩም አስተዋይ ነው፤ ገንዘቡን ከማንቀሳቀሱ በፊት መጀመሪያ የላኪውን፣ ቀጥሎ የተቀባዩን ሂሳብ ይቆልፋል።

```
T1:  lock(10);  lock(20);
T2:  lock(20);  lock(10);
```

እዚህ ላይ ሼዱለሩ ይገባል። ሼዱለር ፕሮሰሰሩን ለፕሮግራሞች በተራ የሚያድል የኦፕሬቲንግ ሲስተም ክፍል ነው። አንድ ኮር በአንድ ጊዜ የሚሠራው አንድ ትሬድ ብቻ ስለሆነ፣ የተመደበለት ጥቂት ሚሊሰከንድ ሲያልቅ ሰዓት ቆጣሪው ያቋርጠዋል፤ ሼዱለሩም የነበረበትን ሁኔታ መዝግቦ ተራውን ለሌላ ይሰጣል። የሚያቋርጠው የት ላይ እንደሆነ አይመርጥም። ስለ ሂሳብ 10 የሚያውቀው የለም፤ ዓረፍተ ነገር መሃል ላይም ሊያቋርጥ ይችላል።

አንደኛው ትሬድ ሂሳብ 10ን ቆልፎ ሂሳብ 20ን ሊጠይቅ ሲል ጊዜው አለቀ እንበል። ተራው ለሁለተኛው ይደርሳል። እሱ ሂሳብ 20ን ይቆልፋል፣ ከዚያም ሂሳብ 10ን ይጠይቃል። ተይዟል። ሼዱለሩ ሁለተኛውን ያስተኛዋል፤ ቁልፉ እስኪለቀቅ ተራ አይሰጠውም። ወደ አንደኛው ይመለሳል። እሱም ሂሳብ 20ን ይጠይቃል፣ ተይዟል፣ ይተኛል። ከዚህ በኋላ አንዱን ሊቀሰቅስ የሚችለው ሌላው ብቻ ነው፤ ያ ሌላው ደግሞ ተኝቷል። 0 በመቶ የታየው ለዚህ ነው፤ የተኛ ትሬድ ፕሮሰሰር አይጠቀምም። ሌሎች ዝውውሮችም እነዚህን ሂሳቦች ሊነኩ በመጡ ቁጥር ከኋላ እየተሰለፉ ይተኛሉ፤ ጥቂት ቆይቶ ሰርቨሩ በሙሉ ይቆማል።

ታዲያ ለምን ለወራት አልታየም? በሁለቱ ቁልፎች መካከል ያለው ክፍተት 100 ናኖሰከንድ፣ የአንድ ተራ ርዝመት ደግሞ 4 ሚሊሰከንድ ነው ብለን እናስላ። በአንድ ኮር ላይ ማቋረጡ በትክክል እዚያ ክፍተት ውስጥ የመውደቁ ዕድል ከ40,000 አንድ ነው። ቢወድቅ እንኳ ተራ የሚደርሰው ትሬድ እነዚያኑ ሁለት ሂሳቦች በተቃራኒ አቅጣጫ የሚፈልግ መሆን አለበት። ጥቂት መቶ ዝውውሮች የሚሞክር ፈተና ይህን ፈጽሞ ላያገኘው ይችላል። ብዙ ኮር ባለው ሰርቨር ላይ ደግሞ ማቋረጥም አያስፈልግም፤ ሁለቱ ትሬዶች በእውነት እኩል ስለሚሮጡ ክፍተቱ ውስጥ በራሳቸው ሊገናኙ ይችላሉ።

ኮፍማን፣ ኤልፊክ እና ሾሻኒ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ዴድሎክ እንዲፈጠር አራት ነገሮች አብረው መገኘት እንዳለባቸው አስቀመጡ። ንብረቱ በአንድ ጊዜ ለአንድ ብቻ የሚሆን ነው። አንዱን የያዘ ሳይለቅ ሌላውን ይጠብቃል። የተያዘውን ማንም በግድ አይነጥቅም። ጠባቂዎቹም ክብ ይሠራሉ፤ እኔ አንተን፣ አንተ እሱን፣ እሱ ደግሞ እኔን። በእኛ ምሳሌ አራቱም አሉ። የነገሩ ጥቅም ያለው ግን ሲገለበጥ ነው፤ ከአራቱ አንዱን ብቻ ማጥፋት ከተቻለ ዴድሎክ ሊፈጠር አይችልም። ጥያቄው የትኛውን ማጥፋት ይረክሳል የሚለው ነው።

የመጀመሪያውን እዚህ መንካት አንችልም። የሚነበብ ብቻ የሆነ ፋይል ለሺህ ሰው ቢከፈት ጉዳት የለውም፤ የሚቀያየር ቀሪ ሂሳብ ግን ያለ ቁልፍ ከተተወ ከላይ ያየነው 1,000 ብር ይጠፋል።

ሁለተኛውን ለማጥፋት የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ጊዜ መጠየቅ ነው፤ ሁሉም ከተገኘ መጀመር፣ አንዱ ከጎደለ ምንም ሳይይዙ መጠበቅ። በጣም ቀላሉ መንገድ ለሁሉም ሂሳብ አንድ ትልቅ ቁልፍ ማበጀት ነው። ይዞ የሚጠበቅ ሁለተኛ ቁልፍ ስለሌለ በሂሳቦቹ መካከል ክብ አይኖርም። ዋጋው ግን ውድ ነው፤ ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ዝውውሮች እንኳ አንድ በአንድ ይሄዳሉ፣ የተገዛው ባለ ብዙ ኮር ሰርቨርም እንደ ባለ አንድ ኮር ይሆናል። ሊኑክስ ይህን በራሱ ላይ አይቶታል። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከርነሉን በሙሉ የሚጠብቅ አንድ ትልቅ ቁልፍ ነበረው፤ ኮሮች እየበዙ ሲሄዱ ማነቆ ስለሆነ በትናንሽ ቁልፎች እየተተካ ቆይቶ ሙሉ በሙሉ የወጣው በ2011 ነው። አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ማለት ነው።

ሦስተኛውን፣ ማለትም መንጠቅን፣ ሼዱለሩ ራሱ በየሚሊሰከንዱ ያደርገዋል። ፕሮሰሰሩን ከትሬዱ ይነጥቃል፤ ሁኔታውን ስለመዘገበለት በኋላ ሲመልስለት ትሬዱ መነጠቁን እንኳ አያውቅም። በፕሮሰሰር ምክንያት ዴድሎክ የማይፈጠረው ለዚህ ነው። ቁልፍን እንዲህ መንጠቅ ግን አይቻልም፤ ከሂሳብ 10 ተቀንሶ ሂሳብ 20 ላይ ሳይጨመር ከተነጠቀ ሌላው የሚያገኘው በግማሽ የተሠራ ነገር ነው። ለመንጠቅ የተሠራውን መሰረዝ መቻል አለበት፤ ይህን የሚችሉት ዳታቤዞች ናቸው። ፖስትግሬስ ለምሳሌ አንድ ጠባቂ፣ ካልተቀየረ በቀር አስቀድሞ ከተቀመጠው 1 ሰከንድ በላይ ሲቆይ ማን ማንን እንደሚጠብቅ ይፈትሻል፤ ክብ ካገኘ አንዱን ዝውውር ሰርዞ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ ሌላው ያልፋል። ለተሰረዘው `ERROR:  deadlock detected` ይለዋል። መልእክቱ ሲመጣ ዝውውሩን እንደገና መሞከር የፕሮግራመሩ ፋንታ ነው፤ ብዙዎች የሚረሱትም ይህንኑ ይመስለኛል።

የቀረው ክቡን መስበር ነው፤ በኔ ግምት ለተራ ፕሮግራም ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው። ሃሳቡ ቀላል ነው። ላኪ ማን፣ ተቀባይ ማን ሳይባል ሁልጊዜ አነስተኛ ቁጥር ያለው ሂሳብ መጀመሪያ ይቆለፍ።

```
lock(min(from, to));
lock(max(from, to));
```

አሁን ሁለቱም ትሬዶች መጀመሪያ የሚፈልጉት ሂሳብ 10ን ነው። አንደኛው ይይዘዋል፤ ሁለተኛው ምንም ሳይይዝ እዚያው ይተኛል፤ ስለዚህ ሂሳብ 20 ነፃ ሆኖ ይቆያል። ሼዱለሩ የፈለገው ቦታ ላይ ቢያቋርጥ ለውጥ የለውም። ቁልፎቹ አንድ ሚሊዮን ቢሆኑም ነገሩ ያው ነው፤ እያንዳንዱ ጠባቂ የሚጠብቀው ከያዘው የሚበልጥ ቁጥር ስለሆነ፣ ክቡ ዞሮ ወደ መነሻው እንዲመለስ አንድ ቁጥር ከራሱ መብለጥ ይኖርበታል። ተጨማሪ ወጪውም አንድ ንጽጽር ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለ፤ ደንበኛው በስህተት ከሂሳብ 10 ወደ ራሱ ወደ ሂሳብ 10 ከላከ፣ ትሬዱ አንዱን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ይጠይቅና ራሱን ሲጠብቅ ይኖራል። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል መሆናቸው ቀድሞ መፈተሽ አለበት።

በተራ ፕሮግራም ውስጥ ይህ ስህተት ከተሠራ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አያድንም። የተኙት ለምን እንደተኙ መመርመር ሥራዬ ነው አይልም፤ ምርመራው ጊዜ ስለሚበላ ቁልፍ በተጠየቀ ቁጥር ሁሉም ፕሮግራም ቀረጥ እንዲከፍል ማድረግ ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ ዝም ሲል ከማጥፋቱ በፊት ምስክር መያዝ ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ በጃቫ የተጻፈ ከሆነ `jstack` ከፕሮሰሱ ቁጥር ጋር ሲጻፍ እያንዳንዱ ትሬድ የት እንደቆመ ይዘረዝራል፤ ክብ ካለም `Found one Java-level deadlock:` ብሎ የትኛው ትሬድ የማንን ቁልፍ እንደሚጠብቅ በስም ይጽፋል። በሲ ለተጻፈ ደግሞ `gdb` ከፕሮሰሱ ጋር አያይዞ `thread apply all bt` ማለት ነው፤ ሁለት ትሬዶች ቁልፍ በመጠየቅ ላይ ቆመው ከታዩ ተጠርጣሪዎቹ ተገኙ።

ቅደም ተከተል የሚቸግረው ቁልፎቹ ቁጥር ሳይኖራቸው፣ ኮዱንም ብዙ ሰው ሲጽፈው ነው። አንዱ የጻፈው ተግባር ቁልፍ እንደያዘ ሌላው የጻፈውን ይጠራል፤ ያኛው በውስጡ ምን እንደሚቆልፍ ጠሪው አያውቅም። የሊኑክስ ከርነል ጸሐፊዎች በሜሞሪ አስተዳደሩ ፋይሎች አናት ላይ የትኛው ቁልፍ ከየትኛው ቀድሞ እንደሚያዝ በአስተያየት መልክ ጽፈው ያስቀምጣሉ። ጽሑፍ ብቻውን ስለማያስከብር ግን ኢንጎ ሞልናር በ2006 ሎክዴፕ የሚባል ተቆጣጣሪ ጨመረበት። ሎክዴፕ ዴድሎክ እስኪፈጠር አይጠብቅም። ኮዱ ሲሮጥ ሀ ተይዞ ለ እንደተጠየቀ ይመዘግባል፤ ከሰዓታት በኋላ በሌላ ቦታ ለ ተይዞ ሀ ሲጠየቅ ካየ፣ ሁለቱ ፈጽሞ ባይጋጩም `possible circular locking dependency detected` ብሎ ይጮኻል። በዚህ መንገድ ሼዱለሩ በዚያች 100 ናኖሰከንድ ውስጥ እስኪያቋርጥ መጠበቅ ቀረ። መንገዶቹ አንድ አንድ ጊዜ መሮጣቸው ይበቃል፤ በፈተና ወቅት አንድም ጊዜ ያልሮጠ መንገድ ግን ለሎክዴፕም አይታየውም፤ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው መንገድ ዲስክ ሲሞላ ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ ብቻ የሚሮጠው የስህተት ማስተናገጃ ኮድ ነው።