አጥንቱን ማን በላው?

ጥርስ መነቃነቅ ሲጀምር ጥፋቱ ቆይቷል። በድድና በጥርስ መካከል የተጠራቀሙ ባክቴሪያዎች ሰውነትን ያስቆጣሉ፤ አጥንቱን በዋናነት የሚያጠፉት ግን እነሱ አይደሉም። እነሱን ለመከላከል የተነሳው የራሱ የሰውነት ብግነት አጥንት የሚያሟሙ ሴሎችን ይቀሰቅሳል፤ አጥንቱም ቀስ በቀስ ወደ ሥሩ ጫፍ ያፈገፍጋል። ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ ጥርስ ሲቦረሽ ድድ መድማቱ ነው ምልክቱ።

ሐኪሙ ክፍተቱን በቀጭን መለኪያ ይፈትሻል። ጤነኛው ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው። መለኪያው 6 ሚሊሜትር ከገባ፣ ብሩሽ በማይደርስበት ሥር ላይ የተጋገረው ድንጋይ መፋቅ አለበት።

ይህ ከተለመደው የጥርስ እጥበት ይለያል። ድዱ ደንዝዞ እያንዳንዱ ሥር ይፋቃል፤ ሐኪሙም ከዓይኑ ይልቅ በጣቱ ስሜት ይመራል። ጊዜ ስለሚወስድ አፍ በአራት ይከፈልና በአንድ ቀጠሮ አንድ ወይም ሁለት ሩብ ይሠራል። የታችኛው መንጋጋ በሁለቱም ጎን በአንዴ ከደነዘዘ ታካሚው ምላሱን ሳያውቅ ሊነክስ ይችላል። ሁሉንም በ24 ሰዓት ውስጥ መጨረስም ይቻላል፤ የውጤቱ ልዩነት ትንሽ ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዳግም ይለካል። 6 የነበረው 4 ሆኖ ካልደማ ጥሩ ነው፤ ድዱ ጠበቀ እንጂ የጠፋው አጥንት በአብዛኛው አይመለስም። አሁንም ጠልቆ የሚደማ ካለ እንደገና ይፋቃል፣ አለዚያም ድዱ ተከፍቶ ይጸዳል።